ሶኬቱ ብልጭ ሲል፣ ቤቱ ሲሸት፦ ለአከራዬ ምን ብዬ ልጻፍ?

*ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስቶቭ የምሰካበት ሶኬት ብልጭ ይላል፤ ጥዝዝ የሚል ድምፅም አለው። ትናንት ማታ ራት እየሠራሁ ደግሞ በልጆቹ አልጋ ራስጌ ያለው ሶኬት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። እሱ ላይ ምንም አልተሰካም። አከራዬ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። «ችግር ቢኖር ባልቦላው ይወርድ ነበር። አንቺ ስቶቭ አብዝተሽ ነው» አሉኝ። ሳይቀየሙኝ የሚያሠሩልኝ ደብዳቤ እንዴት ልጻፍ? ውጪልኝ እንዳይሉኝም እፈራለሁ።*

*ተከራይዋ፣ ከደብረ ማርቆስ*

እህቴ፣ ደብዳቤው ይቆየን። መጀመሪያ ባልቦላውን አውርጂው። ይህን እያነበብሽ ከሆነ አሁኑኑ ተነሽና አውርጂ፤ እኔ የትም አልሄድም።

ቤትሽ ሁለት ባልቦላ ካለው፣ አንዱ ለመብራት አንዱ ለሶኬት ማለት ነው፣ የሶኬቱን ብቻ ታወርጃለሽ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሁሉም ይጠፋል። እስኪሠራ ድረስ በጨለማ ማምሸት ነው። ሻማ ግን ማዳበሪያ ኮርኒስ ሥር አታብሪ። የስልክ መብራት ወይም የሶላር አምፖል ይሻላል። ምግቡንም በከሰል የምትሠሪ ከሆነ ደጅ ላይ ይሁን። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሌላ አደጋ ነው፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

የጋለውን ስፒና መብራቱ እያለ እንዳትነቅይው። ቅድሚያ ባልቦላው ይውረድ፤ ስፒናው ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ይነቀል። ሶኬቱን በናስትሮ መሸፈን፣ ውስጡን በካቻቢቴ መነካካት፣ የረጠበ ጨርቅ ማስጠጋት አይሆንም። የልጆቹን አልጋም ከዚያ ግድግዳ ትንሽ ራቅ አድርጊው። ባልቦላው ወርዶም ሽታው ካልቆመ፣ ወይም ግድግዳው ሲነካ ከሞቀ፣ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና ግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ጥሪ።

አሁን ወደ ጋሼ ንግግር ልመለስ። እኔ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ሳልጀምር ብዙ ዓመት የቤት ውስጥ መስመር ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ባልቦላው ይወርድ ነበር» የሚለውን ያልሰማሁበት ግቢ የለም። ጋሼ ክፉ ሆነው አይደለም። አብዛኛው ሰው እንዲሁ ነው የሚያምነው። ደብዳቤሽ ዋጋ የሚኖረው ይህቺን አንዲት ነገር በትሕትና ከፈታ ነው። ስለዚህ እሷ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባልቦላ የሚያየው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን ብቻ ነው። መጠኑ ከተሠራበት ልክ ካለፈ ይወርዳል። ሙቀት አያይም፤ ሽታ አይሸትም። የአንቺ ስቶቭ 2,000 ዋት ነው እንበል። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ሁለት ሺሑን ለ220 ስናካፍል 9 አምፔር ገደማ ይሆናል። ባልቦላው 16 አምፔር ከሆነ 9 ለእሱ ምኑም አይደለም። ተኝቶ ያድራል።

ችግሩ ያለው ሽቦው ሶኬቱ ውስጥ ከብሎን ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ መዳቡ ከናሱ ጋር ሙጭጭ ብሎ ይያያዛል፤ ኤሌክትሪኩም ያለ ችግር ያልፋል። እዚያ ቦታ ላይ የሚወጣው ሙቀት ከአንድ ዋት አይበልጥም። ብሎኑ ሲላላ ግን የሚነካካው ቦታ ይጠባል። ኤሌክትሪኩ በጠባቡ ሲሽቀዳደም ያግላል። የላላው ቦታ ግማሽ ኦም ያህል ተቃውሞ ካበጀ፣ በዚያው በ9 አምፔር 40 ዋት ሙቀት ይወጣል። አርባ ዋት ሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ ለማቅለጥ የሚይዙት የመበየጃ ብረት ያህል ነው። ያንን ብረት ለኩሰሽ ከግድግዳሽ ውስጥ፣ ከፕላስቲክ መሐል፣ ሻጥ አድርገሽ ራት ሠራሽ ማለት ነው። ባልቦላው ግን ያው 9 አምፔር ነው የሚያየው። እንዲያውም የላላው ቦታ ትንሽ ስለሚያግደው ከ9ም ዝቅ ይላል። ስለዚህ አይወርድም። ላይወርድም ይችላል፣ ኮርኒሱ እስኪያያዝ ድረስ።

ነገሩ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይብሳል። ሲግል ናሱ ያብጣል፤ ሲቀዝቅዝ ይሰበሰባል፤ ብሎኑ የባሰ ይላላል። መዳቡ ይጠቁራል፤ የጠቆረ መዳብ ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ክፍተቱ ሲሰፋ ኤሌክትሪኩ መዝለል ይጀምራል። ያየሽው ብልጭታ እና የሰማሽው ጥዝታ ይሄው ነው። በነገራችን ላይ ሁሉም ብልጭታ አንድ አይደለም። ካውያ እንደበራ ስፒናውን ስትሰኪ ወይም ስትነቅይ አንዴ ቲክ ብላ የምትጠፋ ብልጭታ ያለች ናት፤ ብዙም አታስፈራም። ማንም ሳይነካው፣ ስቶቩ እየሠራ፣ ደጋግሞ ብልጭ የሚለው ነው ያልተለመደው። ደብዳቤሽ ላይ ይህን ለይተሽ ጻፊ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመው ግን የአልጋው ራስጌ ሶኬት ነው። ምንም ያልተሰካበት ሶኬት ለምን ይሸታል? ብዙ ሰው «ሌላ ብልሽት ነው» ይላል። እኔ አይመስለኝም። በእንደዚህ ዓይነት ቤቶች መስመሩ ለየሶኬቱ ለብቻው አይዘረጋም። ከባልቦላው ተነስቶ ወደ አንዱ ሶኬት ይገባል፤ ከዚያው ብሎን ሥር ሌላ ሽቦ ተደርቦ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እንደ መቁጠሪያ አስቢው፤ አንዱ ፍሬ ከሌላው ጋር በአንድ ክር የተሰካ። የአልጋው ሶኬት ከባልቦላው በኩል ቀድሞ የሚገኝ ከሆነ፣ የስቶቩ 9 አምፔር በሙሉ የሚያልፈው በእሱ ብሎኖች ነው። እሱ ላይ ምንም አልሰካሽም፤ ግን ስቶቩን ተሸክሞ የቆየው እሱ ነው።

ለዚህ ነው «ራት እየሠራሁ» ያልሽው ቃል ዋጋ ያለው። ሽታው የመጣው ስቶቩ በርቶ ሳለ ነው። ሳታውቂው ምርመራውን ጨርሰሽዋል። እባክሽ ለማረጋገጥ ብለሽ ደግመሽ እንዳትለኩሺው። የሆነውን ማስታወስ ይበቃል።

ይህ ለጋሼ «አንቺ ስቶቭ አብዝተሽ ነው» ለሚለውም መልስ ነው። ግማሹ እውነት አላቸው። ስቶቩ ባይኖር ብሎኑ ላልቶም ሳይግል ይኖር ነበር። ግን 16 አምፔር እንዲሸከም የተሠራ ሶኬት በ9 አምፔር መቃጠል የለበትም። የተቃጠለው ከግድግዳው ጋር የተሠራው፣ የቤቱ አካል የሆነው ነገር ነው። ይህን እውነት ከነግማሹ ደብዳቤው ላይ አስገቢው። ስቶቩን ደብቀሽ ብትጽፊ መጀመሪያ የሚመዙት እሱን ነው።

ግን ሌላም ነገር ራስሽን ጠይቂ። ምጣድ ትሰኪበታለሽ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ያ 16 አምፔር ነው፤ የሶኬቱ ልክ ጫፍ። ከስቶቭ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ከነበረ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ እሱንም በደብዳቤው አትደብቂው። ጥያቄሽ ላይ ምጣድ ስላላነሳሽ እኔ የለም ብዬ ነው የቀጠልኩት።

አሁን ስለ አጻጻፉ። ወጣት ሳለሁ ቡሬ ላይ ቤት ተከራይቼ ነበር። ጣሪያው ያፈስ ነበር። ለአከራዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩላቸው። ስለ ሰብአዊነት ጻፍኩ፤ ስለ ፈጣሪ ፍርድ ጻፍኩ፤ ጎረቤት ሁሉ እንደሚያማቸው ጻፍኩ። ጣሪያው በየት በኩል እንደሚያፈስ ግን አልጻፍኩም። ሰውየው አነበቡና «ስድብህን አይቻለሁ፣ ቀዳዳው የት ነው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ያንቺ አንድ ገጽ አይለፍ። ያየሽውን፣ የሰማሽውን፣ የሸተተሽን ከነቀኑ ጻፊ። «በጣም አደገኛ ነው፣ ልናልቅ ነው» ከማለት «ማንም ሳይነካው ብልጭ አለ» የሚለው ሰው ያስደነግጣል። ከዚያ የምትፈልጊውን በቁርጥ ጠይቂ። «ይሠራልኝ» ብቻ ካልሽ የጎረቤት ልጅ መጥቶ የሶኬቱን ክዳን ቀይሮ ይሄዳል፤ ውስጡ ያው ነው። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ ነበር የምጽፈው። ባዶውን ቦታ አንቺ ሙይው፤ ያልሆነውን ነገር አውጪው።

> ቀን፦ ________
>
> ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ________
>
> ጉዳዩ፦ የሁለት ሶኬቶችንና የመስመራቸውን ጥገና ስለመጠየቅ
>
> ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። ከዚህ በፊት በቃል የነገርኩዎት የሶኬት ጉዳይ ስለባሰ በጽሑፍ ላሳውቅዎ ወደድኩ።
>
> ስቶቭ የምሰካበት ሶኬት ከ________ ቀን ጀምሮ፣ ስቶቩ በርቶ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው ብልጭ ይላል። ጥዝዝ የሚል ድምፅም አለው። ክዳኑ በ________ በኩል ጠቁሯል።
>
> በልጆቹ አልጋ ራስጌ ያለው ሶኬት ደግሞ ________ ቀን ከምሽቱ ________ ሰዓት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቷል። ምንም አልተሰካበትም ነበር። በዚያ ሰዓት ስቶቩ በሌላው ሶኬት ላይ በርቶ ነበር። ይህም ሁለቱ ሶኬቶች በአንድ መስመር ላይ እንዳሉና ውስጥ የላላ ወይም የተቃጠለ መገጣጠሚያ ሊኖር እንደሚችል ያሳያል።
>
> ስቶቩ የእኔ ነው፤ በቀን ________ ጊዜ እጠቀምበታለሁ። ባልቦላው ያልወረደው ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ እንጂ ሽቦ ላልቶ ሲግል ስለማይወርድ መሆኑን ከባለሙያ ተረድቻለሁ። እርስዎም የሚያምኑትን ባለሙያ ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል።
>
> ከዛሬ ጀምሮ የሶኬቱን ባልቦላ አውርጄ ምንም ሳልሰካ እየጠበቅሁ ነው። ቤቱ ጭቃና እንጨት፣ ኮርኒሱም ማዳበሪያ ስለሆነ ቶሎ ይያያዛል፤ እሳቱ ለእርስዎ ቤትም ይተርፋል ብዬ ሰግቻለሁ።
>
> የምጠይቅዎ እስከ ________ ቀን ድረስ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ ሁለቱንም ሶኬቶች ከፍቶ እንዲያይ፣ የተቃጠለውን ሽቦና ሶኬት እንዲቀይር፣ በዚያው መስመር ላይ ያሉትን ሌሎች መገጣጠሚያዎችም እንዲፈትሽ ነው። ከ________ እስከ ________ ሰዓት ቤት ነኝ።
>
> ጊዜ ካልተመቸዎ እኔ ባለሙያ ፈልጌ ዋጋውን አስቀድሜ ላሳይዎ እችላለሁ። ተስማምተው ወጪው ከሚቀጥለው ኪራይ እንዲታሰብ ከፈቀዱ፣ እዚሁ ወረቀት ላይ ቢፈርሙልኝ በደረሰኝ አሠራዋለሁ።
>
> የሶኬቶቹን ፎቶ አያይዣለሁ።
>
> አክባሪዎ፣ ________

ጥቂት ነገሮችን ለምን እንዳስገባሁ ልንገርሽ። «እሳቱ ለእርስዎ ቤትም ይተርፋል» የሚለው ማስፈራሪያ አይደለም። ሰርቪስ ቤት ከዋናው ቤት ጋር ስንት ክንድ እንደሚራራቅ አንቺም ጋሼም ታውቃላችሁ። ጣሪያው የሚነካካበት ግቢ ብዙ ነው። ይህ የአንቺ ብቻ ችግር አለመሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሳየት ይበቃል፤ ሁለት ከሆነ ዛቻ ይሆናል።

ቀኑን ቆርጠሽ ጻፊ። ሦስት ቀን ብትይ አይበዛም፤ ባልቦላው ወርዶ ስለሆነ የምትጠብቂው። «በተቻለ ፍጥነት» ካልሽ ግን ፋሲካም ሊመጣ ነው።

ስለ ኪራይ መቀነስ ያልኩትን ልብ በይ። ሳይስማሙ አሠርተሽ፣ ከዚያ በራስሽ ቀንሰሽ እንዳትከፍዪ። ጥገናው ተረስቶ ጸቡ የኪራይ ጸብ ይሆናል፤ አንቺም ከፋይ ያልሆንሽ ተከራይ ትሆኛለሽ። ፊርማቸው ይቅደም።

ሁለት ቅጂ ይኑርሽ። አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ላንቺ። ያንቺው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ቢፈርሙ ጥሩ ነው። እኛ ጎጃሞች ግን «ፈርሙልኝ» ሲባል «ልትከሰኝ ነው?» እንላለን። ስለዚህ ወረቀቱን ወርውረሽ አትሂጂ። ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። ከተቻለ የሚያከብሩትን አንድ ጎረቤት ይዘሽ ሂጂ፤ ሽማግሌም ምስክርም ይሆንልሻል። አልፈርምም ካሉ አትጨቃጨቂ። የደብዳቤውን ፎቶ በስልካቸው ላኪላቸው። የተላከበት ቀን እዚያ ላይ ይቀራል።

ሕጉን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ ቤቱን ለታሰበለት ጥቅም በሚሆን ሁኔታ መጠበቅ እንዳለበት ይናገራል፤ ተከራይ ደግሞ በእሱ አያያዝ የሚመጡ ጥቃቅን ጥገናዎች ይመለከቱታል። በግድግዳ ውስጥ ያለ መስመር ከጥቃቅኑ ጋር የሚቆጠር አይመስለኝም። ግን ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አትጥቀሺው። ሕግ የተጠቀሰበት የመጀመሪያ ደብዳቤ ሰውን ወደ ጠበቃ ይልካል እንጂ ወደ ኤሌክትሪሺያን አይልክም። ሁለተኛ ደብዳቤ ካስፈለገ ያኔ ይገባል።

ውጪልኝ ይሉኛል ያልሽው ፍርሃት ገብቶኛል። አይሉሽም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። የጽሑፍ ውል ካለሽ ስለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ምን እንደሚል ዛሬውኑ አውጥተሽ አንብቢ። ከሌለሽም ቀን ያለበት፣ ትሕትና ያለበት ደብዳቤ እጅሽ ላይ መኖሩ ከባዶ እጅ ይሻላል። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቢደርስ ማን ምን እንዳለ አያከራክርም።

አንዳንዴ አከራይ «መብራት ኃይል ይምጣና ይሥራው» ይላል። እነሱ የሚመለከታቸው እስከ ቆጣሪው ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ብልጭታው ቆጣሪው ላይ ወይም ከምሰሶ በሚመጣው ሽቦ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳይነካው 905 መደወል ነበር። ያንቺ ግን የቤት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ጋሼ ተስማሙ እንበል። ባለሙያው ሲመጣ አጠገቡ ቁሚ። ቁጥጥር አይመስልም፤ ቡና አፍዪለትና ቁሚ።

መጀመሪያ ባልቦላውን አውርዶ በቴስተር መብራት አለመኖሩን ማየት አለበት። ሳያይ እጁን የሚያስገባ ከሆነ በሌላውም ሥራው አልተማመንበትም። ክዳኑን ሲከፍት የሽቦውን ጫፍ አሳየኝ በይው። ጤነኛ መዳብ ቀላ ብሎ ያበራል። የተጎዳው ጠቁሯል፤ የላይኛው ፕላስቲክም ደርቆ እንደ ቅርፊት ይሰባበራል። ያንን የጠቆረ ጫፍ እንዳለ አዲስ ሶኬት ውስጥ ቢያስገባው በወሩ ወደዚሁ ችግር ትመለሳላችሁ። ቀይ መዳብ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ኋላ መቁረጥ አለበት። ቆርጦ ሽቦው ካጠረ፣ ጎትቶ መወጠር የለበትም፤ መቀጠል ካለበት በሳጥን ውስጥ በብሎን በሚጠብቅ መገጣጠሚያ እንጂ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ መቅበር አይሆንም። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው የተቃጠሉ ግድግዳዎች አብዛኞቹ ውስጥ አንዲት የናስትሮ ጥቅል አትጠፋም ነበር።

ሁለተኛው የሽቦው ውፍረት ነው። ለሶኬት መስመር 2.5 ሚሊ ካሬ የሚባለው ነው የሚዘረጋው። አንዳንድ ቤት ግን ለአምፖል የሚሆነው 1.5 ተዘርግቶ፣ ባልቦላው ሲወርድ ሲያስቸግር ጊዜ በ32 ይቀየራል። ያ ማለት ሽቦው ከባልቦላው በፊት ይቃጠላል ማለት ነው። ስለዚህ «ሽቦው ስንት ነው? ባልቦላውስ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። 2.5 ሽቦ ላይ 16 ቢሆን ደስ ይለኛል። 1.5 ሆኖ ከተገኘ ስቶቭ በዚያ መስመር ላይ ባይሰካ ይሻላል፤ ከባልቦላው ራሱን የቻለ መስመር ይውጣለት። ይህ ትንሽ ተጨማሪ ወጪ ነው። ጋሼ ስቶቭ የሚፈቅዱ ከሆነ ግን የዚያን ጊዜ ብትካፈሉት አይከፋኝም። ምክንያቱም ያ ጥገና ሳይሆን አዲስ ነገር ነው።

ሦስተኛው፣ ሁለት ሶኬት ብቻ አይቶ እንዳይሄድ። በአንድ መቁጠሪያ ላይ ያሉት ሁሉ አንድ እጅ የሠራቸው ናቸው። አንዱ ብሎን ከላላ ሌሎቹም በዚያው ቀን፣ በዚያው ካቻቢቴ የጠበቁ ናቸው። የቀሩትንም ከፍቶ ያጥብቅ። የአንድ ሶኬት ብሎን ማጥበቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሲጨርስ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ስቶቩን ለኩሺና ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ባለሙያው እያለ። ከዚያ የሁለቱንም ሶኬቶች ክዳን በእጅሽ ጀርባ ንኪ፤ ስቶቩ የተሰካበትንም፣ የአልጋውንም። ለብ ማለት የተሰካበት ላይ ያለ ነው። እጅ የማያስቆይ ሙቀት ካለ፣ ወይም ጥዝታ ከተሰማ፣ ሥራው አላለቀም። የአልጋው ሶኬት ደግሞ ጨርሶ መሞቅ የለበትም። እሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ካደረ የልጆቹን አልጋ ወደ ቦታው መልሺ። ያወጣውን የተቃጠለ ሶኬትም አይጣልብሽ፤ በላስቲክ ጠቅልለሽ ከደብዳቤው ቅጂ ጋር አስቀምጪው።